አለቃን ቀን ማስጨመር፦ ሰበብ ሳይመስል እንዴት ይጠየቃል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሰኔ 30ን የባንክ ማስታረቂያ አርብ ጠዋት ለሥራ አስኪያጄ ማስረከብ አለብኝ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። ከአራቱ የባንክ ሒሳቦች ሦስቱ አልቀዋል። አራተኛው ላይ ግን ባንኩ ከመዝገባችን በ186,400 ብር ይበልጣል። ስቴትመንቱም የደረሰኝ ትናንት ነው። ሰበብ ሳይመስልብኝ ቀን እንዲጨምሩልኝ እንዴት ልጠይቅ?

ቢኒ፦ በኢሜይል ይሁን፣ ማስረጃ ይሆንሃል። ስቴትመንቱ ስንት ጊዜ ተጠይቆ እንደዘገየ በዝርዝር አስረዳ፤ ይቅርታውንም አብዛው።

እማዋይሽ፦ ኢሜይሉ ልክ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ይጎዳዋል። ሥራ አስኪያጁ ማወቅ የሚፈልጉት ለኦዲተሮቹ ምን ቀን እንደሚነግሩ ነው። የባንኩ ጥፋት አንቀጽ ከያዘ ደብዳቤው ክስ ይመስላል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ጠያቂ፣ ከልዩነቱ ምን ያህሉ ታውቋል?

ጠያቂ፦ 141,400 ብሩ ያልተመነዘሩ ሁለት ቼኮች ናቸው። ቀሪው 45,000 ማን እንዳስገባው ያልታወቀ ገቢ ነው። ቅርንጫፉ ነገ ማስረጃውን እሰጣለሁ ብሏል።

እማዋይሽ፦ እንግዲያው ያልታወቀው 186,400 ሳይሆን 45,000 ነው፤ ጥያቄህም ያን ያህል ይጠባል። ዛሬውኑ እንዲህ ብለህ ላክ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የአራተኛው ባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ከአርብ ወደ ማክሰኞ 6 ሰዓት እንዲዛወርልኝ እጠይቃለሁ። የሦስቱን ሒሳብ አርብ ጠዋት አስረክባለሁ። በአራተኛው ከ186,400 ብር ልዩነት 141,400 ብሩ ተለይቷል፤ 45,000 ብሩ የባንክ ማስረጃ ይጠብቃል። ስቴትመንቱ ሲዘገይ አስቀድሜ ማሳወቅ ነበረብኝ። ማስረጃው እስከ ሰኞ ጠዋት ካልመጣ ገንዘቡን ያልተለየ ገቢ ብዬ ከማብራሪያ ጋር አቀርባለሁ። ለኦዲተሮቹ የተያዘውን ቀን የሚነካ ከሆነ ያሳውቁኝ።»

ማስረጃው ነገ ከመጣ ሰኞ ያልቃል፤ ማክሰኞ ያልኩት ቅርንጫፉ አንድ ቀን ቢያሳልፍ ብዬ ነው። ሁለተኛ ማራዘሚያ መጠየቅ ከመጀመሪያው በጣም ይከብዳል። «በተቻለ ፍጥነት» የሚል ቃል አታስገባ፤ ቀኑን አለቃህ እንዲገምቱ ያደርጋል።

ሰላማዊት፦ የእኛም ድርጅት ግብር ማሳወቂያ ዘግይቷል። ይህን ደብዳቤ ለገቢዎች ብልክ ይሠራል?

ጋሽ ተ.፦ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ እህቴ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የማሳወቂያ ጊዜ በሕግ የተቆረጠ ነው፤ የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 ከተዘጋ እስከ ጥቅምት 30 ነው። ሥራ አስኪያጅ የሚያራዝመው ራሱ የቆረጠውን ቀን ብቻ ነው። ለጠያቂ ግን፦ መጀመሪያ ቢሯቸው ገብተህ በሁለት ደቂቃ ንገራቸው፣ ከዚያ ኢሜይሉን ላክ። በጽሑፍ ብቻ ሲደርሳቸው እንደ ሽሽት የሚያዩ አለቆች አሉ።

እማዋይሽ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጋሼ። ቁጥር ያለበትን ነገር ቆመው ሲሰሙት ግማሹ ይጠፋል። እኔ ብሆን ኢሜይሉን ልኬ ነው የምገባው።

ጋሽ ተ.፦ እንደ ሰውዬው ነው። ብቻ ከነገ አይለፍ፤ አርብ ጠዋት የተጠየቀ ማራዘሚያ ዘግይቶ የመጣ ዜና ነው።