ክርክር፦ በኬዲ ዛፍ ዘንግ በተራ ይመረጥ ወይስ በስርጭት ስፋት?

ብሩክ
ለቅርብ ጎረቤት ፍለጋ ነጥቦችን በየደረጃው በአንድ ዘንግ ለሁለት የሚከፍል ኬዲ ዛፍ እየጻፍኩ ነው። ዘንጉን በየደረጃው በተራ ልቀያይር፣ ማለትም x ከዚያ y እንደገና x፣ ወይስ በየኖዱ ነጥቦቹ ይበልጥ የተዘረጉበትን ዘንግ ልምረጥ? የእኔ ነጥቦች በ x ረጅም፣ በ y ጠባብ ናቸው። አብረውኝ የሚሠሩት በዚህ ላይ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል።

ሰላማዊት
በተራ ቀያይር። ጆን ቤንትሊ በ1975 ይህን ዛፍ ሲያስተዋውቅ የሠራው እንደዚያ ነው፣ ምክንያትም አለው። የትኛው ዘንግ እንደተመረጠ ኖዱ ላይ መጻፍ አያስፈልግህም፤ ጥልቀቱን ለዘንጎቹ ብዛት k አካፍለህ ቀሪውን ታያለህ፣ አለቀ። አዲስ ነጥብ ሲመጣም ዛፉን ሳታፈርስ ከላይ ወርደህ ባዶ ቦታው ላይ ታስገባዋለህ። በሚዲያን እስከከፈልክ ድረስ ደግሞ ዘንጉ የትኛውም ይሁን ጥልቀቱ ያው ነው። ታዲያ በየኖዱ ስርጭት እየለኩ መቸገሩ ምን ያተርፋል?

ወንድወሰን
ሰላማዊት፣ ጥልቀቱ አንድ ነው ያልሽው ትክክል ነው። ነገር ግን በዚህ ፍለጋ ጊዜ የሚበላው መውረዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ወርደን አንድ እጩ ካገኘን በኋላ ወደ ላይ ስንመለስ በእያንዳንዱ ኖድ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል፦ ያልገባንበት ቅርንጫፍ ከእጩው የቀረበ ነጥብ ሊይዝ ይችላል ወይ? ከጥያቄ ነጥባችን እስከ መክፈያው መስመር ያለው ርቀት ከእጩው ርቀት ከበለጠ ቅርንጫፉን ሳናየው እንቆርጠዋለን፤ ካነሰ መግባት ግዴታ ነው። ስለዚህ የዘንግ ምርጫ የሚመዘነው ስንት ጊዜ ለመቁረጥ አስቻለ በሚለው ነው።

ብሩክ ያለውን ዓይነት ትንሽ ምሳሌ በእጅ እንሥራ። ሰባት ነጥቦች አሉን፦ ሀ(10,1)፣ ለ(20,4)፣ መ(30,2)፣ ረ(40,5)፣ ሰ(50,3)፣ በ(60,1)፣ ተ(70,6)። የምንፈልገው ከጥያቄ ነጥቡ (66,4) ይበልጥ የሚቀርበውን ነው። ርቀቶቹን ሁሉ በስኩዌር እይዛለሁ፣ ሥር ማውጣት አያስፈልግም።

በተራ ስንሄድ ሥሩ በ x ረ ይሆናል። በስተቀኝ ያሉት ሦስቱ በ y ሲከፈሉ ሰ መሃል ይቀመጣል፣ በ ከታች፣ ተ ከላይ። ፍለጋው ረን ያያል፣ 677። ወደ ሰ ይወርዳል፣ 257። የእኛ y 4 ከ3 ስለሚበልጥ ወደ ተ ይሄዳል፣ 20። አሁን ሲመለስ ሰ ላይ ያለው መስመር y=3 ነው፤ ከእኛ ያለው ርቀት 1፣ ስኩዌሩም 1። ከ20 ስለሚያንስ በን ማየት ግድ ይሆናል፤ 45 ሆኖ ይገኛል፣ ምንም አልጠቀመም። ሥሩ ላይ ስንደርስ የመስመሩ ርቀት ስኩዌር 676 ስለሆነ የግራው ወገን በሙሉ ይቆረጣል። አራት ኖድ አየን።

በስፋት ስንመርጥ ሥሩ አሁንም ረ ነው፤ የቀኞቹ ሦስት ግን እንደገና በ x ስለሚከፈሉ መሃሉ በ ይሆናል። ረ 677፣ በ 45፣ ከዚያ 66 ከ60 ስለሚበልጥ ተ 20። ስንመለስ መስመሩ x=60 ነው፣ ርቀቱ 6፣ ስኩዌሩ 36። ከ20 ስለሚበልጥ ሰ ሳይታይ ይቆረጣል። ሥሩም እንደቀድሞው ይቆረጣል። ሦስት ኖድ።

የአንድ ኖድ ልዩነት ትንሽ ነው፣ ምክንያቱ ግን ትንሽ አይደለም። በጠባቡ ዘንግ የተሰመረ መስመር ሁልጊዜ አጠገባችን ነው፤ ነጥቦቹ ሁሉ ባሉበት የ y ስፋት 5 ብቻ ስለሆነ እጩው ከ5 በላይ የሚርቅ እስከሆነ ድረስ የ y መስመር ምንም ሊያስቆርጠን አይችልም። በትልቅ ዛፍ ውስጥ በየሁለት ደረጃው እንዲህ ያለ መስመር ካለ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለቱም ወገን መታየቱ እየተባዛ ይሄዳል።

አቤል
ይህን ሁሉ ከመድከም ሁለቱንም ዘንጎች በስፋታቸው አካፍሎ ወደ 0 እና 1 መሃል ማምጣት አይሻልም? ያኔ ሁለቱ እኩል ስለሚሆኑ በተራ መቀያየሩ ምንም አይጎዳም። እኛ እንደዚያ አድርገናል፣ ፍጥነቱም በግልጽ ጨምሯል። አሁን የቸገረን ሌላ ነው፤ ካመጣነው ወዲህ አንዳንዴ ቅርብ ያልሆነ ነጥብ ይመልስልናል።

ማህሌት
አቤል፣ ዘንጎቹን ስታካፍል ርቀቱን ራሱን ቀየርከው እኮ። የወንድወሰንን ምሳሌ ውሰደው፤ x በ60፣ y በ5 ይካፈል። ከ(66,4) እስከ ተ ያለው ርቀት ወደ 0.41 ይሆናል፣ እስከ ሰ ያለው ግን ወደ 0.33። ቀድሞ ተ ነበር ቅርቡ፣ አሁን ሰ ሆነ። ሁለቱ ዘንጎች ሁለቱም በሜትር የተለኩ ከሆኑ ይህ የተሳሳተ መልስ ነው። አንዱ ዕድሜ ሌላው ክብደት ከሆነ ግን ማካፈሉ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን ዛፉ ከመሠራቱ በፊት ስለ ርቀት ትርጉም የሚወሰን ነገር ነው፣ ለፍጥነት ተብሎ የሚደረግ አይደለም።

ወንድወሰን
ማህሌት ያለችው ላይ የምጨምረው የለኝም። ግን አቤል፣ በአዲሱ ሚዛን ራሱ ብትለካም ቅርብ ያልሆነ ነጥብ ነው የሚመልሰው? ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ቅርንጫፍ የምትቆርጥበትን መስመር ለጥፍልን።

አቤል
አዎ፣ በአዲሱ ሚዛን ለክቼም ስህተት ነው። ኮዱን ከሌላ ፕሮጀክት ነው የወሰድነው፦

```
diff = query[axis] - node.point[axis]
if abs(diff) < best_sq:
    search(far)
```

ወንድወሰን
ይኸው። `best_sq` ስኩዌር ነው፣ `abs(diff)` ግን አይደለም። መሆን ያለበት፦

```
if diff * diff < best_sq:
    search(far)
```

ቀድሞ ለምን እንዳልታየ ልብ በል። ቁጥሮቹ ትልልቅ ሳሉ ስህተቱ የሚያመጣው ዝግታ ነው፤ በምሳሌያችን መስመሩ 6 ርቆ እጩው 20 ሲሆን፣ 6 ከ20 ያንሳል ብሎ ሊቆረጥ የሚገባውን ይገባበታል። መልሱ ግን ትክክል ነው። ከ1 በታች ስትወርድ ነገሩ ይገለበጣል። መስመሩ 0.5 ይርቃል፣ እጩው 0.6 ይርቃል እንበል፤ የእጩው ስኩዌር 0.36 ነው። 0.5 ከ0.36 አያንስም ብሎ ይቆርጠዋል፣ መግባት ሲገባው። ፍጥነቱ የጨመረ የመሰላችሁ በከፊል ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ ማየት ያለበትን ሳያይ እያለፈ ነው።

አስቸጋሪው ነገር፣ በስህተት የተቆረጠው ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ መልሱን የያዘ አይደለም፤ ስለዚህ ጥቂት ሙከራ ላይ አይገለጥም። ሺህ ያህል የዘፈቀደ ጥያቄዎች አውጣና ሁሉንም ነጥብ አንድ በአንድ ከሚያይ ቀላል ሉፕ ጋር አስተያየው። ስታስተያይ ርቀቶቹን አወዳድር እንጂ የነጥቦቹን መለያ አይደለም፤ እኩል የሚርቁ ሁለት ነጥቦች ካሉ ሁለቱም መልስ ትክክል ነው።

ናርዶስ
እኔ ባለ 128 ዘንግ የምስል ቬክተሮች አሉኝ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል። በስፋት ብመርጥ ፍለጋው ይፈጥንልኛል?

ወንድወሰን
ናርዶስ፣ ያንቺ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ሚሊዮን ነጥብ በሚዲያን ሲከፈል ጥልቀቱ 20 ደረጃ ገደማ ነው። በተራ ከሄድሽ 108ቱ ዘንጎች አንድ ጊዜም አይከፈሉም። በስፋት መምረጥ የተሻሉትን ዘንጎች ይሰጥሻል፤ ነገር ግን ርቀቱ ከ128 ዘንጎች ተደምሮ ሲመጣ በአንድ ዘንግ ላይ ያለ የመስመር ርቀት ከእጩው ርቀት መብለጡ ብርቅ ነው፣ ስለዚህ መቁረጥ የሚባለው ነገር ይጠፋል። ቢስና ሎው በ1997 ያደረጉት ትክክለኛውን መልስ የግድ ማለት ትተው ቅርብ የሚመስሉትን ክፍሎች አስቀድሞ ማየትና ከተወሰነ ቁጥር በኋላ ማቆም ነው። ያንቺ መንገድ ያ ይመስለኛል።

ሰላማዊት
ወደ ብሩክ ጥያቄ ልመልሳችሁ፣ አሁንም አልተረታሁም። ለቅርብ ጎረቤት ብቻ ከሆነ የወንድወሰንን ስሌት እቀበላለሁ። ግን ያንኑ ዛፍ ለሌላ ጥያቄ መጠቀም የተለመደ ነው፤ በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ሁሉ አምጣ ሲባል። በሁለት ዘንግ በተራ ስንከፍል አንድ አግድም መስመር በየሁለት ደረጃው ከአራቱ የልጅ ልጆች ሁለቱን ብቻ ነው የሚነካው። መስመሩ የሚነካቸው ኖዶች ብዛት ጣሪያ፣ ማለትም የነጥቦቹ ብዛት n ስኩዌር ሥር ያህል፣ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ነጥቦቹ እንዴትም ይበተኑ። በስፋት ስትመርጡ ይህ ጣሪያ ይጠፋል።

ወንድወሰን
ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፣ መጠኑንም ማስላት እንችላለን። 1000 በ4 የሆነ እኩል የተበተነ ሰቅ እንውሰድ። በስፋት መምረጥ x ን ብቻ ለዘላለም ይመርጣል ማለት አይደለም፤ ስምንት ጊዜ ያህል በ x ከከፈለ በኋላ 256 ክፍሎች ይኖራሉ፣ እያንዳንዱም ወደ 4 በ4 ይጠጋል፣ ከዚያ y ተራውን ያገኛል። ሰቁን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አግድም መስመር 256ቱንም ስለሚነካ ዋጋው በተራ ከተከፈለው ዛፍ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቀጥ ያለ መስመር ግን አንዱን ክፍል ብቻ ስለሚነካ በዚያው ልክ ይረክሳል። ለቅርብ ጎረቤት የምናየው ክብ አካባቢ ነው፤ ለዚያ ካሬ የሚመስሉ ክፍሎች ይሻላሉ። በ1977 ፍሪድማንና ፊንከል ከራሱ ከቤንትሊ ጋር ሆነው በስፋት መምረጥን ያቀረቡት ለዚሁ ለቅርብ ጎረቤት ፍለጋ ነበር።

ሰላማዊት
የእኔ አራት ማዕዘኖች አግድም ረጃጅም ናቸው፤ ስለዚህ እኔ በተራው እቀጥላለሁ። ነጥብ በየጊዜው ማስገባትን በተመለከተ ደግሞ የመለሰልኝ የለም። በስፋት የተመረጠ ዘንግ ዛፉ በተሠራበት ቀን የነበረውን ስርጭት ነው የሚያውቀው።

ማህሌት
እኛ አዲሶቹን በትንሽ ዝርዝር ለብቻ እንይዛቸዋለን፣ ፍለጋው ዝርዝሩንም በሉፕ ያያል፤ ሲበዙ ዛፉ እንደገና ይሠራል። መቼ በዙ ይባላል የሚለው ግን እስካሁን በግምት ነው።

ብሩክ
እኔ የምፈልገው ቅርብ ጎረቤት ብቻ ስለሆነ በስፋት እሠራዋለሁ፣ ዘንጉንም ኖዱ ላይ አስቀምጣለሁ። ግን ሁለቱንም ጽፌ በእያንዳንዱ ፍለጋ የታዩትን ኖዶች እቆጥራለሁ፤ ሰዓት መለኪያው በካሽ ምክንያት ስለሚያሳስት። ነጥቦቼ በየቀኑ ስለሚጨመሩ የሰላማዊት የመጨረሻ ጥያቄ እኔንም ይመለከተኛል። ማህሌት፣ ዝርዝራችሁ ከዛፉ አንጻር እስከ ምን ያህል ሲደርስ ነው ዝግታው የሚሰማችሁ?