ታላቅነትን የሚወስነው የተመዘገበው ቀን ነው ወይስ የተወለዱበት ቅጽበት?

ጥያቄ፦ «አንደኛዋ የአክስቴ ልጅ በቶኪዮ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሌላዋ በሆኖሉሉ ዲሴምበር 31 ቀን 1999 ከምሽቱ 2 ሰዓት ተወለዱ። ታላቋ ማን ናት?»

ዮናስ፦ ቶኪዮ ሆኖሉሉን በ19 ሰዓት ስለምትቀድም፣ የሆኖሉሉዋ ልጅ ስትወለድ በቶኪዮ ጃንዋሪ 1 ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። የቶኪዮዋ በ8 ሰዓት ትበልጣለች፤ ከዚህ በኋላ የሚያከራክር ነገር የለም።

ሂሩት፦ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ክርክሩን ግን አይዘጋውም። ዕድሜ የሚያጣራ ሹም በአብዛኛው የሚያየው የትውልድ ቀኑን እንጂ ሰዓቱን አይደለም፣ ቀኑንም ወደ ሌላ አገር ሰዓት አይለውጠውም። ሁለቱ ዛሬ በአንድ ከተማ ቢኖሩ እንኳ የሆኖሉሉዋ 18 ዓመት የሞላት ዲሴምበር 31፣ የቶኪዮዋ ደግሞ በማግስቱ ነው። በ8 ሰዓት የምታንሰው በሕግ ፊት በአንድ ቀን ትቀድማለች ማለት ነው፤ ለእኔ ሁለቱም መልሶች በየቦታቸው ትክክል ናቸው።

በላይ፦ ሰዓቱ ባይታወቅስ? ፓስፖርት ላይ እኮ ቀን ብቻ ነው የሚጻፈው።

ሂሩት፦ በዚህ ጉዳይ መለየት አይቻልም። የሆኖሉሉ ዲሴምበር 31 በቶኪዮ አቆጣጠር ዲሴምበር 31 ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ጃንዋሪ 1 ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ስለዚህ ከቶኪዮ ጃንዋሪ 1 ጋር ለ19 ሰዓት ይደራረባል። የቶኪዮዋ የተወለደችው ጃንዋሪ 2 ቢሆን ኖሮ ግን ምንም ሰዓት ሳንጠይቅ የሆኖሉሉዋ ታላቅ ናት እንል ነበር።

አልማዝ፦ የእኔ መንትዮች የተወለዱት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ግን ሰዓት ወደኋላ በሚመለስበት ሌሊት ነበር። የመጀመሪያው ከሌሊቱ 7፡55 ተወለደ፤ 8 ሰዓት ሲሞላ ሰዓቱ ወደ 7 ተመለሰና ከ20 ደቂቃ በኋላ የመጣው 7፡15 ተብሎ ተመዘገበ። በወረቀት ታናሹ ታላቅ ሆነ።

ዮናስ፦ ሁለቱንም ወደ ግሪንዊች ሰዓት ይቀይሯቸው።

ሂሩት፦ በምን ተነሥተው ይቀይሩት? በዚያ ሌሊት 7፡15 ሁለት ጊዜ አልፏል፤ የትኛው እንደተጻፈ ወረቀቱ ካላመለከተ ስሌቱ ራሱ መነሻ የለውም። ወይዘሮ አልማዝ፣ በምዝገባው ላይ «የመወለድ ተራ» የሚል ቦታ ካለ እሱን ይመልከቱ፤ ለመንትዮች ከሰዓቱ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው።

አልማዝ፦ ተራው አንደኛና ሁለተኛ ተብሎ በትክክል ተጽፏል። ሰዓቱን ግን አናርምም አሉኝ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ያሳየው ያው ነውና።

በላይ፦ አለማረማቸው ልክ ነው። ማንም ሊያረጋግጠው በማይችል ቅጽበት ላይ ተመሥርቶ መዝገብ ከሚለዋወጥ፣ የተጻፈው ጸንቶ ቢቆይ እመርጣለሁ።

ሂሩት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ሰዓቱ እንዳለ ይቆይ፤ ከአጠገቡ ግን ከሰዓት ለውጡ በፊት ወይም በኋላ የሚል አንድ ቃል ቢጨመር መዝገቡ የተሟላ እንጂ የተለወጠ አይሆንም።