ገንዘብ ከፋዩ ከማቴሪያላይዝድ ቪው አንብቦ ይክፈል?

ጠያቂ፣ ጅማ፦ የማኅበራችንን የቡና ገበሬዎች ቀሪ ሒሳብ የሚያሳየው ቪው ለመከፈት 40 ሰከንድ ይፈጃል። ማቴሪያላይዝድ ቪው ሳደርገው ወዲያው ተከፈተ፤ በየሌሊቱ 6 ሰዓት ይታደሳል። ከፋዮቹም ከዚሁ አንብበው ይክፈሉ ተባለ። ትስማማላችሁ?

የዳታቤዝ ባለሙያ፦ በፍጹም አልስማማም። ተራው ቪው ምንም አያስቀምጥም፤ በተከፈተ ቁጥር ርክክቡንና ክፍያውን እንደ አዲስ ይደምራል። የዘገየውም፣ የታመነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማቴሪያላይዝዱ የሌሊቱን ድምር ያስቀምጣል። አንድ ገበሬ ትናንት 6,000 ብር ቀሪ ነበረው እንበል። ዛሬ ጠዋት አጋሮ ላይ ሙሉውን ወሰደ። ከሰዓት በኋላ ማና ቢሄድ ኮምፒውተሩ አሁንም 6,000 ብር ይላል። ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል፣ ምንም የስህተት መልእክትም አይወጣም።

የባንክ ፕሮግራመር፦ እኔ በኦራክል ስሠራ ራሱ ይታደስ ነበር።

የዳታቤዝ ባለሙያ፦ ኦራክል ሁኔታዎቹ ከተሟሉ እያንዳንዱ ግብይት ሲጸድቅ እንዲያድስ ማድረግ ይቻላል፤ ዋጋውን ግን እያንዳንዱ ምዝገባ ይከፍላል። በፖስትግሬስ ካልታዘዘ አይታደስም። ሲታደስም አንባቢዎች እንዳይቆሙ ከተፈለገ በቪው ላይ የማይደገም ዋጋ ብቻ የሚቀበል `UNIQUE` ኢንዴክስ ኖሮ እንዲህ ይታዘዛል፦

```
REFRESH MATERIALIZED VIEW CONCURRENTLY balance;
```

የመዝገብ ሠራተኛ፦ እኔም ደርሶብኛል! የአጋሮን ገበሬዎች ብቻ በሚያሳይ ቪው የአንዱን ጣቢያ ወደ ማና ብቀይር ገበሬው ጠፋ። ያልታደሰ ሆኖ ነው?

የዳታቤዝ ባለሙያ፦ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። መዝገቡ በሠንጠረዡ ውስጥ አለ፤ ከቪዩ መስፈርት ስለወጣ ግን አይታይሽም። ቪዩ በ`WITH CHECK OPTION` ቢሠራ ኖሮ ለውጡን አይቀበልም ነበር። የቀሪ ሒሳቡን ቪው ግን እንዲህ ማረም አይቻልም። 6,000ውን 5,000 ብትይው ከየትኛው ርክክብ ላይ ይቀነስ?

ጠያቂ፦ ታዲያ 40 ሰከንዱን ምን ላድርገው? ገበሬው ተሰልፎ ይጠብቃል።

የዳታቤዝ ባለሙያ፦ ማቴሪያላይዝዱ እስከ ትናንት ያለውን ይደምር፤ ተራ ቪው ከዚያ ወዲህ ያለውን ይጨምርበት። ከፋዩ የሚያየው አንድ ስም ብቻ ነው። «ከዚያ ወዲህ» የሚለው ግን ከቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በማቴሪያላይዝዱ ውስጥ ከተቀመጠው የመዝጊያ ቀን ይወሰድ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ እድሳቱ ቢቀር የትናንቱ ርክክብ ከሁለቱም ይወድቃልና። ሁለት ከፋዮች በአንድ ቅጽበት እንዳይከፍሉም የገበሬውን ረድፍ መቆለፍ ያስፈልጋል፤ ይህን የትኛውም ቪው አይሠራላችሁም።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ አጋሮ፦ የሚዛን እርማት ከ3 ቀን በኋላ ይመጣል። የተዘጋውን ቀን ስናርም ከፋዩ እስከ ሌሊት አያየውም።

የዳታቤዝ ባለሙያ፦ የድሮውን አትንኩ፤ እርማቱን በዛሬ ቀን አዲስ መስመር አድርጋችሁ መዝግቡ።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ አጋሮ፦ ገበሬው የያዘው ደረሰኝ የዚያን ቀን ነው። መዝገቤ ከደረሰኙ እንዲለይ አልፈቅድም።