አክሲዮን ሳልሸጥ በቦክስ ስፕሬድ ልበደር? SPX ወይስ SPY?

ሄኖክ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ያለውን የእናታችንን ቤት የሌሎቹን ወራሾች ድርሻ ገዝተን ለእኛ እናስቀረው ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ከእኔ የሚጠበቀው ወደ 48 ሺህ ዶላር ነው። በእጄ ጥሬ ገንዘብ የለም። ብሮከር ዘንድ ግን 120 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ኢንዴክስ ፈንድ አለኝ። ከገዛሁት ስለቆየ ብዙ አትርፏል፤ ልሽጠው ብል ታክሱ ከባድ ነው። ብሮከሩ በማርጅን ላበድርህ ይላል፣ ወለዱ ግን 11 በመቶ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኦፕሽን መበደር ይቻላል አለኝ። ቦክስ ስፕሬድ ይባላል። ሁለት ኦፕሽን ትሸጣለህ፣ ሁለት ትገዛለህ፣ ዛሬ ገንዘብ ይገባልሃል፣ ከዓመት በኋላ ቁጥሩ የታወቀ ገንዘብ ትከፍላለህ። ዋጋ አየሁ። በ SPX ዛሬ 47,750 ተቀብዬ ከዓመት በኋላ 50,000 እከፍላለሁ። በ SPY ደግሞ 48,900 ተቀብዬ ያንኑ 50,000 እከፍላለሁ። SPX ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክሱ ራሱ ነው፣ SPY ደግሞ ያንኑ የሚከተል ፈንድ ነው። ታዲያ SPY አይሻልም? ለእህቴ እስከ አርብ መልስ መስጠት አለብኝ።

ሰናይት፣ አትላንታ

ወንድሜ፣ ኦፕሽን ውስጥ አትግባ። እዚህ ስንት ልጅ የታክሲ ገንዘቡን በኦፕሽን ጨርሶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ገበያው ይወጣል ብለህ ቢወርድስ?

ሄኖክ

እህቴ፣ እንደገባኝ ከሆነ ይሄ ይወጣል ይወርዳል የሚባል ነገር የለውም። አራቱ ኦፕሽኖች እርስ በርስ ይጣፋሉ። ገበያው የትም ይሂድ የምከፍለው 50,000 ነው።

ጋሽ ታደሰ፣ ሲያትል

ሄኖክ ልክ ነህ፣ ግን በ SPX ላይ ብቻ ነው ልክ የምትሆነው። በ SPY ላይ ያ አባባል አይሠራም፣ የዋጋው ልዩነትም የመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ የ SPXን ልንገርህ። ኮል በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፣ ፑት ደግሞ የመሸጥ፤ ያ የተወሰነ ዋጋ ስትራይክ ይባላል። ለአንተ የሚበቃው አንድ ቦክስ ነው። የ 5000ውን ኮል ትሸጣለህ፣ የ 5000ውን ፑት ትገዛለህ፣ የ 5500ውን ኮል ትገዛለህ፣ የ 5500ውን ፑት ትሸጣለህ። የአራቱም የማብቂያ ቀን አንድ ነው። ያ ቀን ሲደርስ ኢንዴክሱ 3000 ላይ ይሁን 8000 ላይ፣ ከአንተ የሚወጣው የሁለቱ ስትራይኮች ልዩነት ነው። 500 ነጥብ በ 100 ሲባዛ 50,000 ዶላር። ወለዱን ለማወቅ 50,000ን ለ 47,750 አካፍል፣ 1.047 ይመጣል። ስለዚህ 4.7 በመቶ ነው። ወለዱ የትም ቦታ ተጽፎ አታገኘውም፣ ከዋጋው ውስጥ አንተ ነህ የምታወጣው። ጊዜው ዓመት ካልሆነ ደግሞ በቀኑ ብዛት ታስተካክለዋለህ። ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለዚያው ጊዜ መንግሥት በትሬዠሪ ከሚከፍለው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነገር ካየህ ደስ አይበልህ፣ ምክንያቱን ፈልግ።

አሁን ወደ SPY። ያየኸው ወለድ 2.2 በመቶ ገደማ ነው። መንግሥት ራሱ ከዚያ በላይ እየከፈለ ለአንተ በ 2.2 የሚያበድር ማነው? ማንም የለም። የ SPY ኦፕሽን የአሜሪካን ስታይል ነው። የገዛው ሰው የማብቂያ ቀኑን ሳይጠብቅ በፈለገው ቀን ሊጠቀምበት፣ ማለትም ሊጠራው ይችላል። አንተ ደግሞ የምትሸጥለት ዛሬውኑ ቢጠራቸው ለገዢው ትርፍ ያላቸውን ሁለቱን ነው፤ ዝቅተኛውን ኮልና ከፍተኛውን ፑት። ያለ ቀናቸው የሚጠሩት እነሱ ናቸው። በ SPY የምታገኛት ትርፍ 1,150 ዶላር ለዚያ መብት የተከፈለችህ ዋጋ ናት። አበዳሪው የመክፈያ ቀን ሳይደርስ በሌሊት በርህን የማንኳኳት መብት ገዝቷል ማለት ነው።

እመቤት፣ ፍራንክፈርት

እኔ የማውቀው ትንሽ ለየት ይላል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የአሜሪካን ስታይል ነው፣ አውሮፓ የሚሸጠው ደግሞ የአውሮፓ ስታይል ነው። ስለዚህ ሄኖክ እዚያ እስካለ ድረስ መውጫ የለውም። እኛ ዩሬክስ በሚባለው ገበያ ላይ በዩሮ ስቶክስ 50 ኦፕሽን፣ በ OESX፣ በዩሮ እንበደራለን።

ጋሽ ታደሰ

እመቤት፣ ስለ OESX ያልሽው ልክ ነው፣ ያ የአውሮፓ ስታይል ነው፣ በጥሬ ገንዘብም ይዘጋል። የቀረው ግን ከአገር ጋር አይገናኝም። SPX ቺካጎ ነው የሚሸጠው፣ የአውሮፓ ስታይልም ነው። ከማብቂያው ቀን በፊት ማንም ሊጠራው አይችልም፣ አክሲዮን የሚያስረክብም የለም። አነስ ያለው XSP እንደዚሁ ነው። የአሜሪካን ስታይል የሆኑት የ SPY፣ የሌሎች ኢቲኤፎችና የየኩባንያው አክሲዮን ኦፕሽኖች ናቸው። አንቺ እዚያ ሆነሽ የጀርመን ኩባንያ አክሲዮን ላይ ቦክስ ብትሸጪ ያው ችግር ሊገጥምሽ ይችላል። የውሉን ዝርዝር ማንበብ ነው።

ሄኖክ

ጋሽ ታደሰ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቢጠሩትስ? መክፈሌ ላይቀር፣ ቀድሜ ብከፍል ምን እሆናለሁ?

ጋሽ ታደሰ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። በቁጥር እንየው። SPY 650 ላይ ነው እንበል። አንተ በ 600 እና በ 700 ስትራይክ አምስት ቦክስ ሸጠሃል። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ አምስቱም የ 700 ፑቶች ተጠርተዋል። 500 አክሲዮን በ 700 ዶላር ግዛ ተብለሃል። 350,000 ዶላር! ያለህ ደግሞ 120 ሺህ ነው።

በወረቀት ላይ አልከሰርክም። የተቀሩት ሦስት ኦፕሽኖች ያንን አክሲዮን ቢያንስ በ 300,000 ያስሸጡልሃል፣ ግን በማብቂያው ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ 350 ሺህ ገደማ ከብሮከሩ ተበድረሃል፣ በዚያው በሸሸኸው 11 በመቶ። በወር ወደ 3,200 ዶላር ነው። ከዓመቱ ያተረፍካት 1,150 ዶላር ሁለት ሳምንት አትቆይም። በዚያው ቀን አክሲዮኑን ሸጠህ የቀሩትንም በአንድ ትእዛዝ ከዘጋህ ብድሩን ቀድመህ ከፈልክ ማለት ነው፣ ጉዳቱ ያን ያህል አይሆንም። ግን ለእህትህ የላክኸው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ፈንድህን ሸጠህ ነዋ። የፈራኸው ታክስ መጣ። ደግሞ ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ሊጠሩ ይችላሉ፣ ያኔ ማጥራቱ ራሱ ሥራ ነው።

ኮሉ ቢጠራ ደግሞ ሌላ ነው። SPY በየሩብ ዓመቱ ዲቪደንድ ይከፍላል። ዲቪደንዱ ከመቆረጡ በፊት ባለው ቀን የ 600ው ኮል ቢጠራ፣ የሌለህን 500 አክሲዮን ሸጠሃል፣ ዲቪደንዱን ከኪስህ ትከፍላለህ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአንድ አክሲዮን ከ 1.50 ዶላር በላይ ነበር። 750 ዶላር ሄደ፣ ይሄ የሚመለስ አይደለም።

ሰናይት

ይኸው እኮ ነው ያልኩት።

ከድር፣ ሚኒያፖሊስ

ሰላም ወንድሞቼና እህቶቼ። በ 2019 ጃንዋሪ አንድ ልጅ 5,000 ዶላር ገደማ በነበረው አካውንት UVXY በሚባል ፈንድ ላይ ቦክስ ሸጦ ከ 57,000 ዶላር በላይ መክሰሩ በየቦታው ሲወራ ትዝ ይለኛል። ኪሳራ ሊኖረው አይችልም ብሎ ነበር የገባው። ኦፕሽኖቹ ያለ ጊዜያቸው ተጠሩበት። ብሮከሩም ከዚያ በኋላ ቦክስ ስፕሬድን ለደንበኞቹ ከለከለ።

የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እኔ መበደር አልፈልግም። በተገላቢጦሽ ቦክሱን ብገዛስ? ዛሬ 47,750 ከፍዬ ከዓመት በኋላ 50,000 ብቀበል፣ ይሄ የንግድ ትርፍ ነው ወይስ ወለድ? BOXX የሚባል ፈንድ ይህንኑ ይሠራል አሉኝ። ታክሱ ላይ ወለድ አይባልም፣ ስለዚህ ሪባ አይደለም ያለኝ ሰው አለ።

ጋሽ ታደሰ

ከድር፣ በሃይማኖቱ እኔ ፈራጅ አይደለሁም፣ ሸህ ጠይቅ። ስለ ገንዘቡ ከጠየቅኸኝ ግን ስሙ ምንም ይሁን ማበደር ነው። የገበያ አደጋ አትሸከምም፣ ገንዘብህ የቆየበትን ጊዜ ዋጋ ነው የምትቀበለው። ሸሁን ስትጠይቀው እንደዚያ አድርገህ ንገረው፣ ንግድ ነው ብለህ አትጀምርለት።

ከድር

አልስማማም። አራት እውነተኛ ውል ነው የተገዛው፣ የተሸጠውም። አበዳሪና ተበዳሪ ተብሎ የተፈረመ ነገር የለም። እጠይቃለሁ።

ሄኖክ

ስለዚህ SPY ቀረ፣ SPX ይሁን። ሌላ የምጠነቀቀው አለ?

ጋሽ ታደሰ

ሦስት ነገር አስታውስ።

አራቱን በአንድ ትእዛዝ ላክ፣ ዋጋውን አንተ በምትወስንበት በሊሚት። አንድ በአንድ ከሞከርክ በመሃል ገበያው ይንቀሳቀስብሃል። በጠየቅኸው ዋጋ ማንም ካልገዛህ 0.50 ዝቅ አድርግና ጠብቅ። 0.50 ማለት 50 ዶላር ነው፣ ወለድህን በ 0.1 በመቶ ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። ከመላክህ በፊት ገንዘብ የሚገባልህ መሆኑን እይ፣ ከተገለበጠ አበዳሪ ሆነህ ታርፈዋለህ።

ሁለተኛ፣ በወሩ ሦስተኛ አርብ SPX እና SPXW የሚባሉ ሁለት ዓይነት ታገኛለህ። አንዱ ጠዋት ነው ዋጋው የሚወሰነው፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲዘጋ። ሁለቱን ካደባለቅህ እነዚያ ሰዓታት ውስጥ የሚመጣው ልዩነት ሁሉ የአንተ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የገበያው መውጣትና መውረድ የሚጣፋው በቦክሱ ውስጥ ነው እንጂ መያዣህ ላይ አይጣፋም። መያዣህ ያ 120 ሺህ ነው። ገንዘቡን አውጥተህ አዲስ አበባ ከላክኸው በኋላ ገበያው 40 በመቶ ቢወርድ ፈንድህ 72 ሺህ ይሆናል፣ ዕዳህ 50 ሺህ ነው፣ የአንተ የሚቀረው 22 ሺህ። 30 በመቶ የሚጠይቅ ብሮከር 21,600 ይፈልጋል። ጫፍ ላይ ነህ። በ 2020 በአንድ ወር ገደማ 34 በመቶ ወርዶ ነበር፣ በ 2007 የጀመረው ደግሞ ከ 50 በመቶ አልፏል። ያኔ ብሮከሩ ሳይጠይቅህ ይሸጥልሃል። 50 ሺሁ ለአንተ በዛ ብዬ ነው የምነግርህ፣ 25 ሺህ ቢሆን ዝም እል ነበር።

ታክሱን በተመለከተ፣ የምትከፍለው ወለድ እንደ ካፒታል ኪሳራ ነው የሚቆጠረው። ትርፍ ካለህ ያጣፋልሃል፣ ከሌለህ በዓመት ከሌላ ገቢህ ላይ 3,000 ድረስ ነው። ሂሳብ ሠሪህን አማክር።

ሰናይት

ጋሽ ታደሰ ያሉት ሁሉ ገብቶኛል፣ ግን ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ። ከዓመት በኋላ 50,000 ከየት ይከፈላል? ቤቱ አዲስ አበባ ነው፣ ኪራዩ በብር ነው። በ 2024 ጁላይ መጨረሻ ብሩ ሲለቀቅ ዶላር ከ 57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በብር የሚገባ ኪራይ የዶላር ዕዳ አይዘጋም።

ሄኖክ

ከደሞዜ በወር 2,000 እያስቀመጥኩ ግማሹን እዘጋለሁ፣ የቀረውን በሌላ ቦክስ አራዝማለሁ ብዬ ነበር።

እመቤት

ማራዘሙ ይቻላል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ወለዱ የዚያን ቀን ወለድ ነው የሚሆነው፣ የዛሬው 4.7 ይጠብቀኛል ብለህ አትቁጠር። ሰናይት ደግሞ ትንሽ አከበድሽው። የእናት ቤት ነው፣ ለባዕድ ከሚሸጥ ልጁ ቢበደርለት ምን ክፋት አለው?

ሰናይት

የእናት ቤት ስለሆነ ነው የምናገረው። ካርታው ላይ የማን ስም ነው የሚገባው? እህቱ ብቻዋን ከፈረመች እሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ 50,000 ዶላር ይከፍላል፣ እሷ ቤቱ ውስጥ ትኖራለች። በኛም ቤት እንዲሁ ተደርጎ እስከ ዛሬ ወንድሞቼ አይነጋገሩም። ውክልናውና የድርሻው ውል መጀመሪያ ይለቅ፣ ብድሩ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

እመቤት

ሁሉም እህት እንደዚያ አይደለም። እኔ ለወንድሜ ያለ ውል ልኬለት ቤቱን በሁለታችን ስም አድርጎ ነው የጠበቀኝ።

ሄኖክ

እህቴን ስለማውቃት በዚያ አልሰጋም፣ ግን ስለ ውክልናው ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። ብሮከሬ ደግሞ ኦፕሽን ላይ የፈቀደልኝ ያለኝን አክሲዮን ተመርኩዤ ኮል መሸጥ ብቻ ነው፣ አራቱን በአንድ ላይ ለመላክ ስሞክር ቁልፉ አይሠራም። ፈቃዱን ከፍ ለማስደረግ ያመለከተ ሰው አለ? ስንት ቀን ፈጀባችሁ?

ሰናይት

ስትደውልላት የሌሎቹ ወራሾች ድርሻ በስንት እንደተገመተና ማን እንደገመተውም ጠይቃት።