የሱፍ ሹራብ፦ ላውንደሪ ልስጠው፣ አጣቢ ልጥራ ወይስ በምን ልጠበው? (ደሴ)

ጠያቂዋ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦
የእናቴ ሹራብ ነው፣ ቆሽሿል፤ መለያው ላይ ንጹሕ ሱፍ ይላል። አምና የራሴን በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ ሳበቃ እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ፤ ስለዚህ ይሄኛውን መንካት ፈራሁ። ላውንደሪ ይሻላል ወይስ ቤት? የሞከራችሁትን ጠቁሙኝ።

ከኮምቦልቻ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ የሙቅ ውሃ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ እስካጠብሽ ድረስ በፈለግሽው ሳሙና እንደልብሽ እሺው። እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ከሰዓት በፊት ይደርቃል።

ሹራብ ሠሪዋ፣ ከፒያሳ፦
ወንድሜ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያገኘኸው። ሙቀት ያባብሳል እንጂ ሱፍን ዋናው የሚያሳጥረው መታሸቱ ነው። የሱፍ ክር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው፤ እርጥብ ሆኖ ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያዛል፣ ከዚያ ወደኋላ አይመለስም። በቀዝቃዛም ብታሸው ይጠጥራል። ደግሞ ድንገተኛ ለውጥ አይወድም፤ ለብ ባለ ውሃ አጥበህ በቧንቧ ውሃ ብታለቀልቀው ይደነግጣል። የደሴ ቧንቧ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል።

ወደ ሳሙናው ልምጣ። ዱቄት ሳሙና እና የልብስ ሳሙና ለጥጥ ጥሩ ናቸው፣ ለሱፍ ግን ይጠነክራሉ፤ አንዳንዱ ዱቄት ውስጥ እድፍ የሚበላ ነገር አለ፣ ያ ሱፍንና ሐርን ጭምር ይበላል። በረኪናማ ጨርሶ አታስጠጊው፣ ሱፍን ያሟሟዋል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ቅባት ያወጣል ግን ጨርቁን ያደርቃል። እኔ የምጠቀመው ተራ የፀጉር ሻምፖ ነው። ሱፍ የበግ ፀጉር አይደለም እንዴ?

የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሹራቡን ካርቶን ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በእስክሪብቶ እስላለሁ። 10 ሊትር የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ (የእጅ አንጓሽ ላይ ብታፈሺው ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማሽ ያህል) አንድ የሾርባ ማንኪያ ሻምፖ በደንብ እበጠብጣለሁ። ሹራቡን ገልብጬ አሰጥመዋለሁ፣ በመዳፌ ጫን ለቀቅ አደርገዋለሁ፣ ከአሥር ደቂቃ አላሳልፈውም። ማለቅለቂያውም ያው ሙቀት ያለው ውሃ ነው፣ ሁለት ጊዜ። ሲወጣ በትከሻው አንጠልጥለሽ አታውጪው! ውሃ የጠጣ ሱፍ ከባድ ነው፣ በገዛ ክብደቱ ይረዝማል። ከሥሩ በሁለት እጅሽ ታቅፈሽ አንሺው። አትጠምዝዢው፤ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ከፎጣው ጋር ጠቅልይና በጉልበትሽ ተጫኚው።

ከአራዳ፦
እኔም ጋቢዬ ከታጠበ ወዲህ አጠረብኝ፣ ሻምፖ ይረዳው ይሆን?

ሹራብ ሠሪዋ፦
ጋቢ ጥጥ ነው ወንድሜ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እርጥቡን ሁለት ሆናችሁ ጎትቱት።

ከሮቢት፦
እኛ ላውንደሪ ሰጥተን የባሰ ነበር፤ የትኛው ቤት እንደሆነ አልናገርም። ሹራቡ ከሌላው ልብስ ጋር ማሽን ውስጥ ገብቶ ጠጥሮ መጣ። አሁን ስሰጥ "በውሃ ነው ወይስ ደረቅ እጥበት?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ካላወቁ ይዤ እመለሳለሁ። ገበር ላለው የሱፍ ኮትና ሱሪ ግን ደረቅ እጥበት ነው፣ እቤት አትሞክሩት። ቤት የምትመጣው አጣቢያችን ጎበዝ ናት፤ ግን ልማዷ ማሸት ነው፣ አጠገቧ ካልቆምኩ አልሰጣትም።

ከኮምቦልቻ፦
እሺ ተረታሁ። ፀሐዩስ?

ሹራብ ሠሪዋ፦
ጥላ ይሻላል፣ ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋል። ገመድ ላይም አይሰቀልም፤ ካርቶኑ ላይ የሳልሽው ቅርጽ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅምሽ። እዚያው ካርቶኑ ላይ አስተኚውና ከስዕሉ ያለፈውን ወደ ውስጥ ግፊው፣ የጎደለውን ቀስ ብለሽ ሳቢው። እናንተ ኮምቦልቻ በአንድ ቀን ይደርቅላችኋል፤ እኛ ጉም ሲወርድ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ እንዳይሸት በየግማሽ ቀኑ ገልብጡት።

ጠያቂዋ፦
የአምናውስ የእኔው ይመለሳል?

ሹራብ ሠሪዋ፦
ክሩን በጥፍርሽ ለይተሽ ማየት ከቻልሽ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የፀጉር ኮንዲሽነር በጥብጠሽ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊና ውሃውን በፎጣ ካስመጠጥሽ በኋላ እርጥቡን ቀስ እያልሽ ሳቢው፤ ትንሽ ይሰጥሻል። ጨርቁ ወፍሮ ሹራብነቱ ከጠፋ ግን ትራስ ስፊበት።

ከአራዳ፦
ኮምጣጤ ጠብ ማድረግስ? እናቴ ታደርግ ነበር።

ሹራብ ሠሪዋ፦
የሳሙናውን ትራፊ ያወጣል ይላሉ፣ እኔ ልዩነቱን አላየሁም። ሌላ የሞከረ ካለ ይንገረን።

ጠያቂዋ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፦
አጠብኩት። ርዝመቱ 62 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ከሳፋው ሲወጣ 65 ሆኖ ልቤ ደነገጠ፣ ካርቶኑ ላይ ገፍቼ ገፍቼ 62 ላይ ደረቀ። አንገቱ ብቻ ትንሽ ላላ ብሏል። እናቴ አላወቀችም፤ ያወቀችው የሻምፖዋን ማነስ ነው።