«ፊል» የሚሉት የደም ሴሎች፦ ስማቸው ከየት መጣ?

ቃል ለቃሚ፦ ሰላም ቤተሰብ። የእህቴን የደም ምርመራ ውጤት እያየሁ ነበር። ነጭ የደም ሴሎች በሚለው ሥር ኒውትሮፊል፣ ኢዮሲኖፊል፣ ባሶፊል ይላል። ሊምፎሳይት ግን «ፊል» የለውም። ምንድን ነው ይሄ «ፊል»? በአማርኛስ ምን ብንላቸው ይሻላል? በዚያ ላይ ሊምፎሳይቷ 50 በመቶ ሆኖ «ከፍ ብሏል» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። እሷ ግን ምንም አላመማትም።

ዘግሪክ፦ «ፊል» ከፍልስፍናው ጋር አንድ ሥር ነው፤ ወዳድ ማለት ነው። «ኢዮስ» በግሪክ ጎህ ነው። ስለዚህ ኢዮሲኖፊል «ጎህ ወዳድ» ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ስለሚበዛ ይመስለኛል።

ማይክሮስኮፕ፦ ሥሩን አገኘኸው፣ ምክንያቱ ላይ ሳትክ። እንዲያውም ጠዋት ነው የሚያንሰው። ኢዮሲን የማቅለሚያ ስም ነው። ስሙም የመጣው ጎህ ከሚለው ከዚያው የግሪክ ቃል ነው። ፓውል ኤርሊኽ የሚባል ጀርመናዊ በ1879 ደም በመስታወት ላይ አድርቆ በቀለም ሲነክር፣ በአንዳንዱ ሴል ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ኢዮሲኑን ጠጥተው ቀይ ብርቱካን ሆኑ። እሱን የሚወዱ አላቸው። ባሶፊል ሌላኛውን፣ ሰማያዊውን ቀለም ይወዳል። ኒውትሮፊል ለሁለቱም አያደላም። እንግዲህ ስማቸው የሚናገረው ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ሥራቸው አይደለም።

ቃል ለቃሚ፦ ታዲያ በሥራቸው እንሰይማቸዋ!

ማይክሮስኮፕ፦ ኒውትሮፊልን ሁላችሁም አይታችሁታል። ቁስል መግል ሲቋጥር ያ መግል በአብዛኛው የሞተ ኒውትሮፊል ነው። ባክቴሪያ ሲገባ ቀድሞ ደርሶ ይውጠዋል፣ እዚያው ይሞታል። ሊምፎሳይት ቫይረስን ያሳድዳል፣ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል፣ ያገኘውን ጠላትም አይረሳም። «ሊምፍ» በላቲን ንጹሕ ውሃ ነው። በእኛ ዘንድ የሚቀርበው ቃል ንፍፊት ነው፤ የሚያብጠውም ሊምፎሳይት የሚሰበሰብበት ቦታ ነው።

እማማ ጽጌ፦ ልጆቼ፣ ነጭ ደም በዛ ማለት የደም ካንሰር አይደል እንዴ? የጎረቤቴን ልጅ እንዲያ ነበር ያሏት። ለእህትህ ቶሎ ድረስላት የኔ ልጅ።

ዘግሪክ፦ እማማ፣ ቃሉስ እውነት ነው። ሉኬሚያ በግሪክ ቃል በቃል «ነጭ ደም» ማለት ነው።

ማይክሮስኮፕ፦ እማማ፣ አይዞዎት። ነጭ ሴል የሚበዛው ብዙ ጊዜ ለኢንፌክሽን ነው። ስቴሮይድ መድኃኒት፣ ሲጋራ፣ እርግዝናም ከፍ ያደርጉታል። ቃል ለቃሚ፣ አጠቃላይ ነጭ ሴሏ ስንት ነው?

ቃል ለቃሚ፦ 4,000። ኒውትሮፊል 40 በመቶ።

ማይክሮስኮፕ፦ በቃ፣ እናባዛው። የ4,000 ግማሽ 2,000 ሊምፎሳይት ነው። ለአዋቂ ሰው ከ1,000 እስከ 4,000 አካባቢ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሊምፎሳይቷ አልበዛም፤ ድርሻው ነው የሰፋው። ለምን ሰፋ? ኒውትሮፊሏ 1,600 ብቻ ስለሆነ። በብዙ ኢትዮጵያውያን ኒውትሮፊል በተፈጥሮ ዝቅ ይላል፣ ሰውየው ግን ጤነኛ ነው። በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን ላይም ተጠንቷል። የእህትህ ግን እንዲያ ነው ብዬ ከዚህ መፍረድ አልችልም። የድሮ ውጤት ካላት ሐኪሟ ያነጻጽረው። ብዛቱ ራሱ ከ5,000 አልፎ ለወራት ቢቆይ ነበር ሌላ ምርመራ የሚያስፈልገው።

የዲሲዋ፦ የኔ ደግሞ ኢዮሲኖፊል ነበር፣ 1,100። ከ500 በታች መሆን ነበረበት አሉኝ። እኔ አለርጂ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሰገራ ሦስት ጊዜ ታይቶ ምንም የለም። ሐኪሟ ግን «የት ነው ያደግሽው? በባዶ እግርሽ ትሄጂ ነበር?» አለችኝ። ገረመኝ። በደም ምርመራ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል፣ በባዶ እግር የሚገባ ትል ተገኘ። ከአገር ከወጣሁ 14 ዓመቴ!

ዘግሪክ፦ ያው ኮሶ ነዋ።

ማይክሮስኮፕ፦ አይደለም። ኮሶ አንጀት ውስጥ ስለሚቀመጥ ኢዮሲኖፊልን ያን ያህል አያስቆጣም። አሜባና ጃርዲያም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ናቸው። በሥጋና በሳንባ በኩል የሚያልፈው ትል ነው የሚያስነሳው። ስትሮንጂሎይድስ ደግሞ ራሱን እያራባ ለዓመታት ይኖራል። አስምና አንዳንድ መድኃኒትም ኢዮሲኖፊልን ከፍ ያደርጋሉ፤ አለርጂ ያልሽው ያለ ነገር አልነበረም። አደጋው ግን ለአለርጂው ብለው ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ቢሰጡሽ ነበር። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ትሉ ግን በመላ ሰውነት ሊሰራጭ ይችላል። ሰውም ሊገድል ይችላል።

የዲሲዋ፦ በስመ አብ! ጥሩ ነው ሳልወስድ።

ቃል ለቃሚ፦ የእህቴን የአምና ወረቀት እያስፈለግኩ ነው። እስከዚያ ኒውትሮፊልን «መግሌ» ብንለውስ?

ዘግሪክ፦ መግልማ ሬሳው ነው። «ቀዳሚ ዘብ» ይሻላል።

እማማ ጽጌ፦ ሁለቱም አልጣሙኝም።