ጥቆማ፦ ከኤክሴል ወደ መጋዘን ሲስተም እንግባ ወይስ ገና ነው?

አከፋፋይ (ቃሊቲ)
ሰላም ወገን። ብስኩት፣ ፓስታ፣ ሳሙናና ዳይፐር እናከፋፍላለን። ዋናው መጋዘናችን ቃሊቲ ነው፤ መርካቶም ትንሽ ስቶር አለችን። ወደ 350 ዓይነት ዕቃ ይዘናል፤ በየቀኑ ሦስት አይሱዙ ይወጣል። ስቶር ኪፐሩ ቢን ካርድ ላይ ይጽፋል። ማታ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል፣ ቢሮ ያለችው ልጅ ኤክሴል ላይ ትመዘግባለች። ፋይሉም «ስቶክ የመጨረሻ»፣ «ስቶክ የመጨረሻ የተስተካከለ» እየተባለ ተባዝቷል። የቱ ትክክል እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ቆጠራ በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። ሰሞኑን አንዱ ብስኩት ኤክሴል ላይ 412 ካርቶን ይላል፤ ስንቆጥረው 397 ሆነ። አንድ ድርጅት መጥቶ የመጋዘን ሲስተም አሳየን። ያምራል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። የድርጅታችን ባለቤት አጎቴ ነው፤ «ሲስተም ከገባ ሌብነት ይቆማል» ብሎ ሊፈርም ተነስቷል። እንግባ? ከገባንስ የቱን? ኦዱ፣ ኢአርፒኔክስት፣ ዞሆ ሲሉ እሰማለሁ። የተጠቀመ ይጠቁመኝ።

ባለ ሱቅ (መገናኛ)
እኔ ካሽ ሬጂስተር ማሽኑን ከነጥገናው ነው የወሰድኩት፤ ጥሩ ነው። ወረቀት ሲያልቅ ብቻ ያስቸግራል።

አከፋፋይ
አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ እኔ ግን ስለ መጋዘን ስቶክ ነው የምጠይቀው።

ኤክሴል ወዳጅ
ኤክሴል ምን በደለ? ፋይሉን ጉግል ሺት ላይ አድርጉት፤ ሁሉም ከስልኩ ይጻፍ፤ በነፃ አለቀ። እኛ እንደዛ ነው የምንሠራው።

የስቶክ ኮንትሮል ባለሙያ
የኤክሴል ወዳጃችን ግማሹን መትቷል። ፋይሉ አንድ ሲሆን «የመጨረሻው የቱ ነው» የሚለው ጣጣ ይቀራል። ግን ልጅቷ አሁን የምትሠራው ምን እንደሆነ ልገምት፦ 412 የሚለውን አጥፍታ አዲሱን ቁጥር ትጽፋለች። እንደዛ ከሆነ ጉግል ላይም ቢሄድ ያው ነው። ቁጥሩ ለምን እንደተቀየረ የሚናገር ነገር የለም።

እኔ ብሆን ሲስተም ከመምረጤ በፊት የጎደሉትን 15 ካርቶኖች አንድ በአንድ እፈልጋቸው ነበር። ካለፈው ቆጠራ ወዲህ የወጡ ኢንቮይሶችን፣ ቢን ካርዱንና የመኪና ጭነት ወረቀቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። እያንዳንዱ ካርቶን የት ቦታ ላይ ከወረቀት እንደተለየ እይና ተመለስ።

አከፋፋይ
የጭነት ወረቀት የለንም። ሾፌሩና ሴልሱ እየቆጠሩ ይጭናሉ።

የስቶክ ኮንትሮል ባለሙያ
መልሱ መጀመሩ ነው 😄 ሴልሱን ጠይቀው።

ፋርማሲስት
እኛ ጤና ተቋም ውስጥ ዳጉ የሚባለውን የመድኃኒት ስቶክ ሶፍትዌር ነው የምንጠቀመው፤ ባችና ኤክስፓየር ይይዛል። እናንተም እንደሱ ያለ ቢኖራችሁ ጥሩ ነበር። አንድ ነገር ልንገርህ፣ ቀን ላይ ተጠንቀቅ። ካርቶኑ ላይ 2026 ተብሎ በፈረንጅ ይታተማል፤ ስቶር ኪፐሩ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ለውጦ 2018 ብሎ ይጽፋል። ሲስተሙ ያንን በፈረንጅ ሲያነበው ዕቃው ከዓመታት በፊት ኤክስፓየር አድርጓል ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ እንዳለ ይገልበጥ፣ ማንም እንዳይቀይር።

አከፋፋይ
ተመለስኩ። 15ቱን ፈለግናቸው፤ እንዲህ ወጣ።

9 ካርቶን መኪና ላይ ነበር። ጠዋት ተጭኗል፣ ኢንቮይሱ የሚቆረጠው ግን ሴልሱ ደንበኛው ጋ ሲደርስ ነው። እኛ በመሃል ቆጠርን።

3 ካርቶን ምርቃት ነው። 20 ለገዛ 1 እንጨምራለን። ኢንቮይሱ 20 ይላል፤ የሚወጣው 21 ነው። 60 ካርቶን ስለተሸጠ 3 በነፃ ሄዷል፣ የትም አልተጻፈም።

2 ካርቶን መርካቶ ተከፍቶ በፍሬ ተሸጧል። አንዱ ካርቶን 24 ፍሬ ነው። ልጅቷ «ብስኩት በፍሬ» የሚል ሌላ መስመር አላት፤ እሱ መስመር ላይ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? -48! ስንት ጊዜ ከፍተን አይተነዋል፣ ማንም «መቀነስ 48 ብስኩት ምን ማለት ነው» አላለም።

1 ካርቶን አልተገኘም።

የስቶክ ኮንትሮል ባለሙያ
በጣም ጥሩ ሥራ። አሁን ይህን ለአጎትህ አሳያቸው። ከ15 ውስጥ ሌብነት ነው ብለው ሊጠረጥሩ የሚችሉት አንዷን ነው፤ እሷም ተበላሽታ ወይም በስህተት ተቆጥራ ሊሆን ይችላል። ሌላ ዕቃ ላይ ሌላ ታሪክ ሊወጣ ስለሚችል ሁለት ሦስት ዕቃ እንዲሁ ፈትሹ፤ በተለይ ዳይፐሩን፣ ውድ ነው።

እነዚህን 14 ካርቶኖች ሲስተም ያድናቸው ነበር ወይ? ሁለቱን አዎ። ደህና ሲስተም አንድን ዕቃ በካርቶንም በፍሬም ይይዛል፤ ካርቶን ሲከፈት ራሱ ያካፍላል፤ -48 የሚባል ነገር አይፈጠርም። ሦስቱ ምርቃቶች ግን ኢንቮይሱ ላይ በዜሮ ዋጋ መስመር ካልገቡ ሲስተሙ ከየት ያውቃል? ዘጠኙም እንደዛው ናቸው። ሲስተሙ ውስጥ እያንዳንዱን መኪና እንደ ትንሽ መጋዘን መክፈት ይቻላል። ጠዋት ሲጫን ከቃሊቲ ወደ መኪናው ይዛወራል፤ ማታ ያልተሸጠው ይመለሳል። ይህ የሚሠራው ግን በር ላይ አንድ ሰው ጠዋት ከመዘገበ ብቻ ነው። ማታ በፎቶ ከሆነ፣ ሚሊዮን ብር የወጣበት ሲስተምም 412 ይላል፤ መሬት ላይ 397 ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱ ይምጣ። ባለ ሦስት ኮፒ የጭነት ፓድ አሳትሙ፤ ሾፌር፣ ስቶር ኪፐርና ጥበቃ ይፈርሙ። ፓዱ የሌለው መኪና ከበር አይውጣ። ኤክሴሉንም ወደ እንቅስቃሴ መዝገብ ቀይሩት፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ቦታ፣ ምክንያት፣ ብዛት። ብዛቱ ሁልጊዜ በፍሬ፤ ገቢው በመደመር፣ ወጪው በመቀነስ። መኪናም አንድ ቦታ ነው። የመዝገቡን ሺት Move በሉት፣ ቦታውንም Kality ብላችሁ ጻፉ። ቀሪውን ማንም አይጽፍም፤ ሌላ ሺት ላይ A2 ውስጥ የዕቃውን ስም ስትጽፉ እሱ ራሱ ይደምራል፦

```
=SUMIFS(Move!E:E,Move!B:B,A2,Move!C:C,"Kality")
```

ሶፍትዌር ገጣሚ
እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው በወረቀት ያልለመደውን ዲሲፕሊን ሲስተም ያስለምደዋል፤ ኢንቮይስ ሳይቆረጥ ዕቃ አላስወጣም ይላል። በወረቀት እናስተካክል ያሉ ሰዎች ዓመት ሙሉ እዚያው ሲቀሩ አይቻለሁ።

የምርቶቹን ጉዳይ ባጭሩ ልበል። ኢአርፒኔክስት ኮዱ ክፍት ነው፣ በሰው ብዛት ላይሰንስ አይከፈልም። ካርቶንና ፍሬ፣ ባች፣ ብዙ መጋዘን ይይዛል። ወጪው የሚገጥምልህና የሚያስተካክልህ ሰው ነው፤ ያ ሰው ከጠፋ ግን ትቸገራለህ። ኦዱ ለዓይን ያምራል፣ ሠራተኛም ቶሎ ይለምደዋል። ነፃው ኮሚዩኒቲ አለ፤ የባርኮድ አፑ ግን የሚከፈልበት ኢንተርፕራይዝ ውስጥ ነው። ዴሞ ሲያሳዩህ የቱን እንደሆነ ጠይቅ። ዞሆ ኢንቨንተሪ ለመጀመር ቀላሉ ነው፣ ግን ክላውድ ብቻ ነው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ከሆነ በየወሩ የሚከፍል ካርድ ከየት ታመጣለህ የሚለውን አስቀድመህ ፍታ።

ኔትወርክስ? ሰርቨሩን ቃሊቲ ቢሮ ካስቀመጥከው ኢንተርኔት ቢጠፋም ቃሊቲ ይሠራል፤ መርካቶ ግን አያይህም። ክላውድ ከሆነ ሁለቱም ይተያያሉ፤ ኔት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም ይቆማሉ። ለዚህ ነው የጭነት ፓዱ ከሲስተም በኋላም የማይቀረው። እዚህ ላይ ከስቶክ ኮንትሮል ባለሙያዋ እህቴ ጋር እስማማለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛ
ፒችትሪ አላችሁ? ካላችሁ እሱ ይበቃል የሚል አይጠፋም። ለሒሳቡ አዎ። መጋዘን ለይቶ መያዝ ላይ ግን ይቸገራል፤ ሰው የዕቃ ኮዱ ላይ የመርካቶ፣ የቃሊቲ የሚል ምልክት እየጨመረ ነው የሚያመቻቸው። 350 ዕቃ በሁለት ስቶርና በሦስት መኪና ሲባዛ 1,750 ኮድ ይሆናል። አይታሰብም።

ከገባችሁ ጊዜውን ምረጡ። ሰኔ 30 ለማንኛውም ትቆጥራላችሁ፤ ያ ቆጠራ ሐምሌ 1 የሲስተሙ መነሻ ይሁን። ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ገበያ ስትሯሯጡ እንዳትጀምሩ፣ በእግዚአብሔር። ከዚያ በፊት የዕቃ ዝርዝሩን አጽዱ። አንዱ ብስኩት «ብስኩት 24»፣ «ብስኩት ባለ 24»፣ «ብስኩት ትልቁ» ተብሎ ከገባ ሲስተሙ ሦስት ዕቃ ነው የሚያየው።

እንጀራ አከፋፋይ (ሜሪላንድ)
እኔ እዚህ ለሐበሻ ሱቆች እንጀራ አድርሳለሁ፤ እስካሁን በጉግል ሺት ነው። የእኔ ዕቃ ግን መጋዘን አያድርም፤ ጠዋት የተጋገረው ማታ አልቋል። ስቶክ የለኝም ማለት ይቻላል። በርበሬና ሽሮ ማስመጣት ስጀምር ነው የትኛው ጆንያ ከየትኛው ጭነት እንደመጣ መከታተል ያቃተኝ።

አከፋፋይ
ብዙ ተማርኩ። አንድ ያልገባኝ፣ ያ ድርጅት ያሳየን መደርደሪያ በመደርደሪያ ቁጥር የሚሰጥ፣ ሠራተኛውን በስካነር «እዚህ ሂድ፣ ይህን አንሳ» የሚል ነው። ያ ያስፈልገናል?

የስቶክ ኮንትሮል ባለሙያ
ትክክለኛው የመጋዘን ሲስተም እሱ ነው፤ ሌሎቹ ስቶክ መያዣ ናቸው። ለእናንተ ገና ይመስለኛል። እንዲህ እይው፦ ስቶር ኪፐሩ የታመመ ቀን ሌላ ሰው ዕቃ አግኝቶ መጫን ይችላል? ከኋላ የተደበቀ ኤክስፓየር ያደረገ ካርቶን በየቆጠራው ይወጣል? ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እየጫነ ይጋጫል? ለእነዚህ መልስህ መጥፎ ከሆነ እንነጋገር። 350 ዕቃን ግን አንድ ሰው በጭንቅላቱ ይዞ ይሠራል፤ መደርደሪያው ላይ በማርከር ሀ1፣ ሀ2 ብሎ መጻፍ ብቻ ብዙ ይረዳል።

ሻጩን ግን አታባርረው። የራሱን ዴሞ ሳይሆን የአንተን ብስኩት ያስገባ፤ መነሻው ቃሊቲ ላይ 472 ካርቶን ይሁን፣ 412ቱና የተሸጠው 60። 60 ካርቶን ከ3 ምርቃት ጋር ይሽጥልህ፤ 9 ካርቶን መኪና ላይ ይጫን፤ 2 ካርቶን ወደ መርካቶ አዛውሮ ይክፈት። ከዚያ በመሃል ቆጠራ ጠይቀው። ቃሊቲ ካልታወቀችው አንዷ ጋር 398 ካላሳየህ፣ ምን ያህል ቢያምርም አጎትህ አይፈርሙ። ዳታህን በኤክሴል አውጥቶ ይሰጥህ እንደሆነም ውሉ ላይ ይግባ።

ሶፍትዌር ገጣሚ
ጥሩ ፈተና ነው። አብዛኛው ሻጭ የመኪናው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

አከፋፋይ
ፓዱን ዛሬ አዘዝን። ሻጩንም ለዚያ ፈተና ቀጠርኩት። ሾፌሮቹ ግን «ስንጭን ፈርሙ ካላችሁን መንገድ ላይ ለሚሰበረውም እኛ ልንከፍል ነው?» ብለው አኩርፈዋል። መንገድ ላይ የተሰበረውን በማን ስም ነው የምትይዙት?